ለማናውቀው ሰው የመጀመሪያዋን መስመር ስንጽፍ

እንደምን ዋላችሁ። ኢሜይል ሲደርሳችሁ ገና ሳትከፍቱት ምን ታያላችሁ? የላኪውን ስም፣ ርዕሱን፣ ከዚያም የመልእክቱን የመጀመሪያ ጥቂት ቃላት። እነዚያ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ሰላምታው ናቸው። አይታችሁት የማታውቁት የውጭ አገር የንግድ ሰው ስለ እናንተ መገመት የሚጀምረው ዋጋ ስትጠይቁት ወይም ዕቃችሁን ስታስተዋውቁት አይደለም። ከዚያ ቀድሞ፣ `Dear` ወይም `Hi` ብላችሁ ስትጀምሩ ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚህች መስመርና እሷን ተከትለው ስለሚመጡት ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። የምይዘው በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን ኢሜይል ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋ ቢኖራቸውም እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚገናኙት በእንግሊዝኛ ስለሆነ።

ነገሩን የሚያከብደው ምን እንደሆነ ላስቀድም። በእኛ ቋንቋ አክብሮት ግሡ ውስጥ አለ፤ «ላክልኝ» ወይም «ይላኩልኝ» ስንል ወዲያው ይለያል። ጀርመኖች «ዱ» እና «ዚ»፣ ፈረንሳዮች «ቱ» እና «ቩ» አሏቸው። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ለአለቃውም፣ ለልጁም፣ ለማያውቀው ሰውም አንድ ተውላጠ ስም ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሌሎች ቋንቋዎች በግሥ የሚሸከሙትን አክብሮት እንግሊዝኛ የሚሸከመው በሌላ ቦታ ነው። በመነሻው ቃል፣ በማዕረጉ፣ ከሰውየው ስም የትኛውን ክፍል እንደምትጠሩ፣ እና ዓረፍተ ነገሮቻችሁ ሙሉ ይሁኑ የተቆራረጡ በሚለው ላይ።

እንደ እኛ ካለ ቋንቋ የመጣ ጸሐፊ ይህ ጉድለት ይሰማዋል። «ይህ ነገር አክብሮት አነሰው» ይልና ቃላት ይቆልላል፤ `Respected Sir` ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ የተቀባዩን ድርጅት «የተከበረውና ዝነኛው ድርጅትዎ» እያለ ያሞግሳል። ዓላማው ትሕትና ነው። አንባቢው ዘንድ ሲደርስ ግን ያረጀ ደብዳቤ ወይም ለሺህ ሰው በአንዴ የተበተነ መልእክት ይመስላል። ይባስ ብሎ `Dear Friend` ብሎ የሚጀምር አለ። ይህ አጀማመር የማጭበርበሪያ ኢሜይሎች ለዓመታት የተጠቀሙበት ስለሆነ የብዙ ሰው ጣት ሳያነብ ወደ መሰረዣው ይሄዳል።

እንግዲህ በጣም መደበኛ ከሆነው ጀምሬ ወደ ቀረበው ልውረድ። ከላይ ማዕረግና የቤተሰብ ስም አለ፦ `Dear Ms Keller`። ከሥሩ ማዕረጉን ትቶ ሙሉ ስም መጥራት፦ `Dear Andrea Keller`። ከዚያ `Dear Andrea`፣ ቀጥሎ `Hello Andrea`፣ መጨረሻ ላይ `Hi Andrea`። ብዙ ሰው የሚጨነቀው `Dear` ልበል ወይስ `Hi` በሚለው ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ለመጀመሪያ መልእክት `Dear` በሉና እለፉ። ቃሉ የፍቅር ደብዳቤ ይመስላል ብላችሁ አትፍሩ፤ በንግድ ጽሑፍ ውስጥ ከጊዜ ብዛት ያ ስሜቱ ጠፍቶ ተራ የመክፈቻ ምልክት ሆኗል።

ለምን `Dear`? ምክንያቱም ስሕተቱ በሁለቱም በኩል እኩል ዋጋ የለውም። ስዊድንን ውሰዱ። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ስዊድናውያን ሰውን በማዕረጉና በሥራ ስሙ እየጠሩ በሦስተኛ ሰው ያናግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የአገሪቱ የሕክምና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ ብሩር ሬክሴድ ሠራተኞቹን ሁሉ «ዱ» እያለ፣ ማለትም «አንተ» እያለ፣ እንደሚጠራ አስታወቀ። ለውጡ ቀድሞም ተጀምሮ ነበር፤ የእሱ ንግግር ምልክቱ ሆኖ ቀረ እንጂ። ዛሬ ስዊድን ውስጥ ለማያውቁት ሰው በቀጥታ በራሱ ስም መጻፍ ተራ ነገር ነው። ሆኖም ለስዊድናዊ `Dear` ብላችሁ ብትጽፉለት ምን ይሆናል? ምንም። ትንሽ ጠንቃቃ ናቸው ይል ይሆናል፤ `Hi` ብሎ ይመልስላችኋል፤ አለቀ። በተቃራኒው ቪየና ላለች፣ ማዕረግ በሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት ለምትሠራ ሥራ አስኪያጅ `Hi` ብላችሁ በራሷ ስም ብትጀምሩ፣ እሷ የምታየው ያልተፈቀደለትን ቅርበት የወሰደ እንግዳ ነው። ይህንን ደግሞ ብዙ ሰው አይነግራችሁም፤ ዝም ይላል፣ ወይም መልሱን ያዘገያል።

ሌላም ምክንያት አለ። ከመደበኛው ወደ ቀረበው መውረድ በሁሉም ዘንድ የግንኙነት እድገት ተደርጎ ይታያል። ወደ ላይ መመለስ ግን ቅሬታ ይመስላል። በመጀመሪያው መልእክት `Hi Andrea` ብሎ በሦስተኛው `Dear Ms Keller` ያለ ሰው፣ ተቀባይዋ «ምን አስቀየምኩት?» ብላ እንድታስብ ያደርጋል። ስለዚህ ከላይ ጀምሩ ስል ትሕትና ስለማበዛ አይደለም፤ የመውረጃው በር ክፍት ስለሚሆን ነው።

«መደበኛ መሆን እኮ ከአሜሪካ ወጣት ኩባንያዎች ጋር ያራርቃል» የሚሉ አሉ። ትንሽ እውነት አለው። ነገር ግን የሚያርቀው `Dear` አይደለም፤ ስሙ እየታወቀ `Dear Sir/Madam` ማለት ነው። ይህኛው ለአንባቢው የሚነግረው «ማን እንደሆንክ ለማየት ሁለት ደቂቃ አልሰጠሁም» ነው። በጣም መደበኛ ይመስላል፣ ግን ከ`Hi` የበለጠ ግድየለሽነት አለበት።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ወደ ስሙ። በእንግሊዝኛ `Mr` እና `Ms` የሚጣበቁት ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። ጆን ስሚዝን `Dear Mr John` ማለት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ አንባቢው ይቅር ይላል፣ ግን ያየዋል። ችግሩ የቤተሰብ ስሙ የትኛው ነው የሚለው ነው። በቻይና፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በሃንጋሪ የቤተሰብ ስም ይቀድማል። ታዲያ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ውሰዱ ልበላችሁ? አልችልም፤ ከእነዚህ አገሮች ሰዎች ብዙዎቹ በላቲን ፊደል ሲጽፉ ለውጭ ሰው እንዲመች ይገለብጡታል፣ ሌሎቹ አይገለብጡም። አንዳንዶች ይህን ግራ መጋባት ስለሚያውቁ የቤተሰብ ስማቸውን ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ይጽፋሉ፦ `TANAKA Kenji`። ይህን ካያችሁ ተገላገላችሁ፤ ስሙ ታናካ ነው። ለጃፓናዊ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ `Dear Tanaka-san` ማለትም ተለምዷል፤ «ሳን» ወንድ ሴት ስለማይለይ ከሌላም ጭንቀት ያድናል። ብቻ ራሳችሁን ስታስተዋውቁ ከስማችሁ ጋር እንዳታጣብቁት፤ ለሌላ የሚሰጥ አክብሮት እንጂ ለራስ የሚወሰድ አይደለም።

ስፔንኛ ተናጋሪዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው፤ በተለምዶ የሚጠሩት ከሁለቱ በመጀመሪያው ነው። `María García López` ለሚባል ሰው `Dear Ms García` ትላላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ያለውን ብቻ ከወሰዳችሁ ከልምድ ውጭ ጠራችኋት ማለት ነው። አይስላንድ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ሰው ሁለተኛው ስሙ የአባቱ ወይም የእናቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ሰዎቹ በይፋም የሚጠሩት በራሳቸው ስም ነው። ማዕረግና «የቤተሰብ ስም» ስትጽፉላቸው በአባታቸው ስም እየጠራችኋቸው ነው። ይህ እናንተ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሰማ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አትቀሩም።

ቀጥሎ ጾታ አለ። አንድሪያ ጣልያን ውስጥ የወንድ ስም ነው፤ ጀርመን ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሴት። ዣን ፈረንሳይ ውስጥ ወንድ ነው፤ ያው `Jean` የሚለው አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ጂን ተብሎ ይነበብና በአብዛኛው የሴት ይሆናል። ግምታችሁ ከተሳሳተ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የተሳሳታችሁት። መውጫው ቅድም ከላይ ሁለተኛ ያስቀመጥሁት አጻጻፍ ነው፤ ማዕረጉን ትታችሁ ሙሉ ስሙን እንዳለ ጻፉ። `Dear Andrea Keller` የቤተሰብ ስሙን ከመለየትም፣ ጾታውን ከመገመትም ያድናል። ትንሽ ደረቅ ነው፤ እስማማለሁ። ግን ማንንም አያስቀይምም፣ ስሙንም አይታችሁታል። ሴት መሆኗ ከታወቀ ደግሞ `Mrs` ሳይሆን `Ms` በሉ፤ የመጀመሪያው ትዳር አላት ብሎ ይገምታል፣ ሁለተኛው ስለ ትዳሯ ምንም አይልም። ዶክተር ወይም ፕሮፌሰር የሚል ማዕረግ ድረ ገጹ ላይ ካያችሁ፣ በተለይ የጀርመንኛ ተናጋሪ አገር ሰው ከሆነ፣ አትጣሉት።

አሁን አንድ ኢሜይል አብረን እንሥራ። ስሞቹ ለምሳሌ የፈጠርኳቸው ናቸው። የማሸጊያ ማሽን ልትገዙ ነው እንበል። አንድ የጀርመን አምራች አግኝታችኋል፤ ድረ ገጹ ላይ የውጭ ሽያጭ ኃላፊ ተብሎ `Andrea Keller` የሚል ስም አለ። ፎቶ የለም።

የመጀመሪያው ረቂቅ `Hi Andrea!` ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ደኅና እንደሆነች ተስፋ ያደርጋል፣ ከዚያ «ስለ ማሽኖቻችሁ ትንሽ ላውራችሁ ብዬ ነው» ይላል፣ በቃለ አጋኖ ይዘጋል። ሁለተኛው ረቂቅ `Respected Sir/Madam` ይልና ስለ ራሱ ድርጅት ታሪክ አንድ ሙሉ አንቀጽ ይጽፋል፤ ጥያቄው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ረቂቆች አንድ ዓይነት ጥፋት አለባቸው። አንባቢዋ «ይህ ሰው ማን ነው? ከእኔ ምን ይፈልጋል?» የምትለውን እስከ ታች ድረስ አይመልሱም።

ሦስተኛው `Dear Andrea Keller` ይላል፣ ነጠላ ሰረዝ ያደርግና መስመር ይዘላል። አንደኛው ዓረፍተ ነገር ጸሐፊው ማን እንደሆነና ስሟን ከየት እንዳገኘ ይናገራል፦ የእገሌ ድርጅት የግዢ ኃላፊ ነኝ፣ ስምዎን ከድርጅታችሁ ድረ ገጽ አገኘሁ። ሁለተኛው ጥያቄው ነው፦ ዱቄት በአንድ ኪሎ ከረጢት የሚያሽግ ማሽን እንፈልጋለን፣ የዋጋ ማቅረቢያ ሊልኩልን ይችላሉ? ሦስተኛው፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ ሰው ከሆነ ወደዚያ እንዲያስተላልፉት ይጠይቃል። መዝጊያው `Kind regards`፣ ከዚያ ሙሉ ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ድርጅት። በቃ።

«ደኅና ነዎት ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለምን አወጣኸው የምትሉ ትኖራላችሁ። ክፉ ነገር የለውም። ነገር ግን ጀርመናዊቷ የማታውቁት ሰው ናት፤ ደኅንነቷን የምትጠይቁበት መሠረት የላችሁም፣ እሷም ታውቃለች። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ልውውጥ በኋላ ግን ያው ዓረፍተ ነገር እውነተኛ ይሆናል። `Good morning` ማለትንም እንዲሁ እተወዋለሁ፤ እናንተ በጧት የጻፋችሁትን እሷ ማታ ልታነበው ትችላለች።

ሰላምታው የያዘውን ድምፅ የተቀረው ጽሑፍ መጠበቅ አለበት። `Dear Ms Keller` ብሎ ጀምሮ `I'm` እና `Thanks!` እያለ የሚቀጥል መልእክት፣ ሁለት ሰው ተራ በተራ የጻፈው ይመስላል። በመጀመሪያው መልእክት ላይ ምሕጻሩን ፈታችሁ `I am` ብላችሁ ጻፉ፤ የፊት ምልክቶችን ተዉ፣ ቃለ አጋኖም አታድርጉ። ግን መደበኛ ማለት ረጅም ማለት አይደለም። አጭርና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ጨዋ ነው።

መልስ ሲመጣ ደግሞ ሥራው ማንበብ ነው። የሚነበበው ቦታ ሁለት ነው፦ እናንተን የጠራችበት መስመርና ራሷን የጠራችበት ቦታ። ሁለተኛው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከታች ስም፣ ስልክና አድራሻ የያዘው ሳጥን በራሱ የሚለጠፍ ስለሆነ ምንም አይነግራችሁም። የሚናገረው ከሳጥኑ በላይ በእጇ የጻፈችው ስም ነው። እዚያ `Andrea` ብቻ ካለ፣ እንዲህ ጥሩኝ ማለቷ ነው። `Andrea Keller` ብላ ሙሉውን ከጻፈች ግን ገና ነው። በእጇ ምንም ካልጻፈች የጠራችበትን መስመር እዩ፤ እሷ እናንተን በማዕረግና በቤተሰብ ስም ጠርታ ከሆነ፣ እናንተም በዚያው ቆዩ፤ ሴት መሆኗን ካወቃችሁ `Dear Ms Keller` በሉ።

የተደበላለቀ ምልክትም ይመጣል። እናንተን በማዕረግ ጠርታ ራሷን `Andrea` ብላ ትፈርማለች። ይህ የሚሆነው አንድም እናንተን እንዴት መጥራት እንዳለባት ስላላወቀች ነው፣ አንድም ለራሷ ቀለል ስላደረገችው። እንዲህ ሲሆን `Dear Andrea` በሉ፣ ከታች ደግሞ በራሳችሁ ስም ብቻ ፈርሙ። በአንድ መልእክት ፈቃዷን ተቀበላችሁ፣ የራሳችሁንም ሰጣችሁ። `Hi` የሚለውን ግን እሷ እስክትጠቀምበት ጠብቁ፤ መጠበቁ ምንም አያስከፍላችሁም።

አንድ የምትዘናጉበት ቦታ አለ። ከአንድሪያ ጋር `Hi` መባባል ጀምራችሁ ሳለ አለቃዋ በግልባጭ ይገባል። አለቃው ለእናንተ አሁንም እንግዳ ነው። ለሁለቱም ስትጽፉ `Dear Mr Brandt, dear Andrea` ማለት ይቻላል፤ ሁለት ደረጃ በአንድ መስመር ላይ መሆኑ አያስነውርም፤ ያለውን ግንኙነት በትክክል ይናገራል።

ከአዳራሹ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አስፍሬያለሁ።

አንዲት እኅት «ስም ጨርሶ ካልተገኘስ?» ብላ ጠይቃለች። መጀመሪያ ስልክ ደውሎ የሚመለከተውን ሰው ስም ከነአጻጻፉ መጠየቅ ይቻላል፤ እንግዳ ተቀባዮች ይህን ጥያቄ ለምደውታል። ካልሆነ ለክፍሉ ጻፉ፦ `Dear Export Team`፣ ወይም `Dear Sales Team`። ከ`Dear Sir/Madam` ይሻላል፤ ቢያንስ የትኛውን በር እንዳንኳኳችሁ ታውቃላችሁ። `Dear Sir/Madam` የምጠቀመው ለኤምባሲ፣ ለባንክና ስም ለማያወጡ መሥሪያ ቤቶች ነው። በእንግሊዝ የደብዳቤ ወግ እንዲህ የጀመረ ደብዳቤ በ`Yours faithfully`፣ በስም የጀመረ ደግሞ በ`Yours sincerely` ይዘጋል፤ በኢሜይል ላይ ግን ለሁለቱም `Kind regards` ብትሉ የሚከፋ የለም።

ሌላ ወንድም «እነሱ ቀድመው `Hi` ብለው በስሜ ቢጽፉልኝ፣ እኔ ሳላውቃቸው?» አለ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መልእክት የእነሱ ነው፤ ደረጃውን መርጠዋል። `Hi` ላለ ሰው በማዕረግና በቤተሰብ ስም መመለስ የተዘረጋን እጅ እንደ መግፋት ይቆጠራል። ካልተመቻችሁ `Hello` ብላችሁ በስሙ ጥሩት፤ ግማሽ እርምጃ ከፍ ያለ ነው፣ ግን አይታወቅም። በስማችሁ ምትክ በአባታችሁ ስም ጠርተዋችሁ ከሆነ ደግሞ እርማት የሚሰጥ አንቀጽ አትጻፉ። ከመዝጊያው በታች በእጃችሁ የምትጠሩበትን ስም ብቻ ጻፉ፤ በሚቀጥለው መልእክት ብዙውን ጊዜ ተስተካክሎ ይመጣል። ካልመጣ በሁለተኛው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር «በዚህ ስም ቢጠሩኝ ደስ ይለኛል» በሉና ወደ ጉዳያችሁ ሂዱ።